ጥፋቱ የሙቀጫው ነው ወይስ የሶሌታው?

«ጋሼ፣ ዛሬም አላስተኙኝም።» ፎቅ ያለው ቤት የሚያከራይ ሰው ይህችን አቤቱታ ደረጃ ላይ፣ በስልክ ወይም የኪራይ መክፈያ ቀን ላይ ይሰማታል። አብዛኛው አከራይ የሚሰጠው ምላሽም ያው ነው። ወደ ላይኛው ፎቅ ይወጣና «ታች ያለችው ልጅ ተማርራለች፣ እባካችሁ ቀስ በሉ» ይላል። እነሱም «እሺ» ይሉታል፣ እሱም ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። በሁለተኛው ሳምንት ግን ያው አቤቱታ ይመለሳል፣ በሦስተኛው ደግሞ የላይኞቹ በበኩላቸው ክስ ይዘው ይመጣሉ። አከራዩ ሳያውቀው የነገር አመላላሽ ሆኗል፤ ድምፁ ምን እንደሆነና በየት በኩል እንደሚመጣ ግን እስካሁን ማንም አላጣራም።

አዲስ አበባ ውስጥ በብዛት የምናየውን ዓይነት ባለ ሦስት ፎቅ የኪራይ ሕንፃ እንውሰድ። አከራዩ ከነቤተሰቡ ምድር ቤት ይኖራል። ሁለተኛ ፎቅ ላይ የሌሊት ተረኛ የሆነች ነርስ አለች፤ ጠዋት 2 ሰዓት ገብታ እስከ ቀትር ትተኛለች። ከራሷ በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ባልና ሚስት ከሁለት ትንንሽ ልጆችና ከአያት ጋር ይኖራሉ። ነርሷ «ልክ እንደተኛሁ ጣሪያው ይደበደባል» ትላለች። የላይኞቹ ደግሞ «እሷስ ማታ ስትወጣ የብረት በሩን እያላተመች ሕፃን ትቀሰቅስ የለ?» ይላሉ። ሰላምታ ከቀረ ሁለት ሳምንት አልፎታል፤ ነርሷም በመጥረጊያ እንጨት ኮርኒሱን መምታት ጀምራለች።

እዚህ ላይ አከራዩ መጀመሪያ ማድረግ ያለበት ዳኝነቱን ማቆየት ነው። «አስወጣቸዋለሁ» ብሎ ቃል አይገባም፣ «ትንሽ ቻይ» ብሎም አይሸኝም። ድምፁ ምን ይመስላል? በስንት ሰዓት ይጀምራል? ከየትኛው ክፍል ይበልጥ ይሰማል? ብሎ ይጠይቅ። ከዚያም ለሁለቱም ወገን፣ ለየብቻ፣ ለሁለት ሳምንት ቀን፣ ሰዓት፣ የድምፁን ዓይነትና የቆየበትን ጊዜ በደብተር እንዲጽፉ ይስጣቸው። «ሁልጊዜ» የሚለው ቃል በደብተር ላይ ሲወርድ ብዙ ጊዜ ወደ አራትና አምስት ቁርጥ ያሉ ሰዓቶች ይቀየራል። በስልክ የተቀዳ ድምፅ እንደ ማስረጃ ከመጣ ግን ብዙ አይታመን። ስልክ ዝቅ ያለውን ድምፅ ራሱ ከፍ አድርጎ፣ ከፍ ያለውን ዝቅ አድርጎ ስለሚቀዳ ሹክሹክታ ጩኸት፣ ጩኸትም ሹክሹክታ ሊመስል ይችላል።

ከደብተሩ ቀጥሎ ማወቅ የሚያስፈልገው ድምፅ ከቤት ወደ ቤት የሚሻገርባቸውን ሁለት መንገዶች ነው። አንደኛው በአየር ነው። ወሬ፣ ቴሌቪዥን፣ የሕፃን ልቅሶ በአየር ሄዶ በበር ሥር ባለ ክፍተት፣ በመስኮት፣ ወይም የመታጠቢያ ቤቶቹን አንድ ላይ በሚያገናኘው የአየር ማስገቢያ ጉድጓድ ይገባል። ሁለተኛው በራሱ በሕንፃው አካል ነው። ወለል ላይ የሚያርፍ ምት ሶሌታውን ያንቀጠቅጠዋል፣ ሶሌታው ደግሞ የታችኛውን ቤት ጣሪያና ግድግዳ ያናግራል። በእኛ ሕንፃዎች ሴራሚኩ በቀጥታ በሲሚንቶ ሶሌታው ላይ ይለጠፋል፤ በመሃል ምቱን የሚውጥ ለስላሳ ነገር የለም። ላይ ላለው ሰው ኢምንት የሆነች ኮቴ ታች ላለው መዶሻ የምትሆነው ለዚህ ነው። የላይኛው «እኛ እኮ ምንም አላደረግንም» ሲል ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው።

ልዩነቱን በጆሮ መለየት ይቻላል። የሚነገረው ቃል ተለይቶ የሚሰማ ከሆነ መንገዱ የአየር ነው፤ የሆነ ቦታ ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ድም ድም የሚል፣ እጅ ግድግዳ ላይ ሲያርፍ የሚታወቅ ከሆነ በሕንፃው አካል የመጣ ነው። ይህኛው ሌላ ተንኮል አለው፤ በኮለንና በግድግዳ ስለሚጓዝ ከየት እንደመጣ ያሳስታል። ከጎን ወይም ከሥር የመጣው ድምፅ ከላይ የመጣ ይመስላል።

ስለዚህ አከራዩ በአንድ ቅዳሜ በነርሷ ፈቃድ መኝታ ቤቷ ገብቶ ይቀመጥና ላይ ላሉት በስልክ «አሁን ልጆቹ ይራመዱ፣ አሁን ወንበር ይጎተት፣ አሁን እማማ ቡና ይውቀጡ» ይበል። ሙከራው ሩብ ሰዓት አይፈጅም። በእኛ ምሳሌ የወንበሩ ድምፅ የሚያስቸግር ሆኖ አልተገኘም። የልጆቹ ሩጫ ይሰማል። ሙቀጫው ግን መስኮቱን ያርገበግበዋል። አያት ዘወትር ጠዋት ከሁለት ተኩል ጀምሮ፣ ሳሎኑ መሃል ተቀምጠው፣ ሙቀጫውን ባዶ ሴራሚክ ላይ አድርገው ይወቅጣሉ። ነርሷ የምትተኛበት ሰዓት ነው።

ደብተሩ ግን ሌላም ነገር ተናግሯል። ነርሷ ከጻፈቻቸው ሰዓቶች መካከል ሦስቱ የላይኞቹ ቤት ሰው ያልነበረባቸው ናቸው። «ኡኡ የሚል፣ ድንገት የሚጀምር፣ ድንገት የሚቆም» ይላል ጽሑፏ። ሦስቱም የቧንቧ ውሃ በፈረቃ የሚመጣባቸው ቀናት ነበሩ፤ ድምፁም ውሃውን ሰገነት ላይ ወዳለው ሮቶ የሚገፋው የራሱ የአከራዩ ፓምፕ ነበር። ፓምፑ በብሎን ከሲሚንቶው ጋር ታስሯል፣ ቧንቧውም ግድግዳውን ተጠግቶ ይወጣል። ያለ ደብተሩ ይህም በአያት ስም ይመዘገብ ነበር።

መፍትሔው እንግዲህ በየመንገዱ ይለያያል። ሙቀጫው ከሳሎኑ መሃል ተነሥቶ ወደ ጥግ፣ ኮለኑና ቢሙ ወዳሉበት ይጠጋ፤ ሶሌታ ይበልጥ የሚንቀጠቀጠው መሃሉ ላይ ነውና። ከሥሩ ወፍራም የጎማ ንጣፍ፣ ከጎማው በታችም የታጠፈ ወፍራም ምንጣፍ ይሁን። ከተቻለ ውቀጣው ወደ ግቢ ይውረድ። የመንግሥት ኮንዶሚኒየሞች ሲሠሩ ለእርድ፣ ለእንጀራ መጋገርና ለመሰል ሥራ የሚሆን የጋራ ቤት የተጨመረላቸው እንዲህ ያለው ሥራ ፎቅ ላይ እንደማይመች ስለታወቀ ነበር። ፓምፑ ከሥሩ ጎማ ይግባለት፤ ከቧንቧው ጋር የሚገናኝበትም ቦታ በተጣጣፊ ጎማ ቱቦ ይቀየር። የነርሷ የብረት በር ደግሞ መቃኑ ላይ ቀጭን የጎማ ጥብጣብ ቢለጠፍበት መላተሙን ይተዋል። የፓምፑና የበሩ ወጪ ያለ ክርክር የአከራዩ ነው፤ የሕንፃው አካል ናቸውና። ለሙቀጫው ጎማም ቢሆን አከራዩ ቢከፍል አይጎዳም፤ ቤት አንድ ወር ባዶ ሲቆም ከሚቀረው ገንዘብ ጋር አይወዳደርም።

ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክንበት አንድ ነገር አለ። ግድግዳ ላይ ስፖንጅ ወይም የእንቁላል መያዣ ካርቶን መለጠፍ ክፍሉ ውስጥ ያለውን ማስተጋባት ይቀንሳል እንጂ ከጎረቤት የሚመጣውን አያግድም። ምንጣፍም የኮቴን ድምፅ በደንብ ይቀንሳል፣ ለቴሌቪዥን ድምፅ ግን ያን ያህል አይረዳም። ድምፅ ማጉያ ካለ ከወለልና ከጋራ ግድግዳ ማራቁ ከሁሉም ይሻላል።

ከዚህ በኋላ ነው ንግግሩ የሚመጣው። ያኔ አከራዩ የሚወጣው ስሞታ ይዞ ሳይሆን ያረጋገጠውን ይዞ ነው። «እማማ፣ ሙቀጫው ታች እንዴት እንደሚሰማ እኔ ራሴ ሰማሁት። የእርስዎ ጥፋት አይደለም፣ ወለሉ ነው። ይኸው ጎማ አምጥቻለሁ፤ ውቀጣውን ከቀትር በኋላ ቢያደርጉልን?» እማማ ለጠዋቱ ቡና ከሰዓት በኋላ ወቅጦ ማሳደር ይችላሉ። በሌላ በኩል ለነርሷ ያልተገኘውንም በግልጽ መንገር ያስፈልጋል። የልጆች መራመድ፣ የሕፃን ልቅሶ፣ የውሃ መውረድ የኑሮ ድምፅ ነው። ይህን ሁሉ አስቆማለሁ ያለ አከራይ የማይፈጽመውን ቃል ገብቷል።

ስምምነቱ በአንድ ገጽ ይጻፍና ሁለቱም ይፈርሙበት፤ ከውላቸውም ጋር ይያያዝ። «ድምፅ ማሰማት ክልክል ነው» የሚል አንቀጽ ዋጋ የለውም። «ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀትር መውቀጥ የለም፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ቴሌቪዥን ከቤት እንዳይወጣ» የሚለው ግን ሊቆጠር ይችላል። ለፋሲካ ሌሊት፣ ለረመዳን ስሑር፣ ለሠርግና ለለቅሶ ቦታ ይተውለት። ለቅሶ ቤት ደውሎ «ዝም በሉ» የሚል ጎረቤት አልገጠመኝም፤ ወረቀቱ ላይ ካልተጻፈ ግን ቂም የያዘ ሰው ሊጠቀምበት ይችላል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ፣ ለምሳሌ የላይኛው ቤት ሌላ ሰው ሆኖ፣ በየሌሊቱ ሙዚቃ የሚያስጮህና «ቤቴ ነው» የሚል ቢሆንስ? ያኔ ሕጉ ይመጣል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1225 ባለንብረት ከመልካም ጉርብትና ያለፈ ጭስ፣ ሽታ፣ ድምፅ ወይም ንዝረት በጎረቤቱ ላይ እንዳያደርስ ይከለክላል፤ ልክ ማለፉ ሲመዘንም የአካባቢው ልማድ ይታያል። ስለዚህ የቡና ሙቀጫና የሌሊት ድምፅ ማጉያ በአንድ ሚዛን አይቀመጡም። በአገራችን ደረጃ የመኖሪያ አካባቢ ድምፅ ቀን ከ55፣ ሌሊት ከ45 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ተወስኗል፤ የብክለት ቁጥጥር አዋጁም ቁጥር 300/1995 ነው። ይህ ልኬት ሰፈር ለሚያውክ ጭፈራ ቤት ወይም ወፍጮ ይጠቅማል። በሁለት ፎቆች መሃል ላለው ድም ድም ግን አይመችም፤ ምቱ አጭር ስለሆነ አማካይ ልኬቱ ዝቅ ይላል፣ እንቅልፍ ግን ያጠፋል።

ማስወጣትም እንደ ድሮው አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ የሚመዘገብ ነው፤ ከሁለት ዓመትም አያንስም። «ኪራይ ጨምሬ ራሱ እንዲወጣ አደርገዋለሁ» የሚለው የቆየ ዘዴም በአዋጁ ተዘግቷል፤ ጭማሪው የሚወሰነው በተቆጣጣሪው አካል ነውና። ውል ከጊዜው በፊት የሚቋረጥበት ምክንያት በአዋጁ ውስጥ ካሉት አንዱ መሆን ስላለበት አከራዩ ከመንቀሳቀሱ በፊት አዋጁን ይዞ ወረዳው የቤቶች ጽሕፈት ቤት ወይም ጠበቃ ዘንድ ይሂድ። ይዞ የሚሄደውም የሁለቱን ወገን ደብተር፣ የተፈረመውን ስምምነት፣ ቀን ያለባቸውን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤዎች ቅጂና ሙከራውን ያዩ ሰዎችን ነው። ውሃ መዝጋትና መብራት መቁረጥ ግን ከሳሹን ተከሳሽ ያደርጋል። ሌሊት ጠብ ከተነሣም ፖሊስ ይጠራ እንጂ አከራዩ መሃል አይግባ።

በእኛ ምሳሌ እዚያ መድረስ አላስፈለገም። ሙቀጫው ግቢ ወረደ፣ ፓምፑ ጎማ ላይ ተቀመጠ፣ በሩ ተለበጠ። የቀረው የልጆቹ ሩጫ ነው፤ እሱን ምንጣፍ ያለዝበዋል እንጂ አያጠፋውም። ለእሱ ያለው መድኃኒት ክፍል መቀየር ነው። ከላይ ማንም የሌለበት ሦስተኛው ፎቅ ቀን ለሚተኛ ሰው ይሻላል፤ ልጆች ያሉት ቤተሰብ ደግሞ ከሥሩ ማንም ወደሌለበት ምድር ቤት ይሁን። አከራዩ የሚቀጥለው ክፍል ሲለቀቅ ማስታወቂያ ከመለጠፉ በፊት ሁለቱን ነባር ተከራዮች «መቀየር ትፈልጋላችሁ?» ብሎ ይጠይቃቸው። አዲስ ለሚመጣው ተከራይም ከኪራዩ ዋጋ በፊት «በስንት ሰዓት ትተኛለህ?» የሚለውን ያስቀድም።