አርምሞ ምስክር አይሆንም

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በፈቀደ ጊዜ፣ ቀድሞ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ እንደ ወጣ አንባቢ ያስታውሳል። በዚያው ወራት መለዋወጫ ከውጭ አገር እያስመጣ የሚሸጥ አንድ ድርጅት፣ ለደንበኞቹ የዋጋ ማቅረቢያ ይጽፍ የነበረው ዘጠኝ ቀን ባለፈው ምንዛሪ ነበር፤ ይህንንም ያወቀው ከኮምፒውተሮቹ አንዱ ነግሮት ሳይሆን፣ የሒሳብ ክፍል ሠራተኛዋ ለሌላ ጉዳይ ወደ ባንክ ሄዳ የምንዛሪ ሰሌዳውን ቀና ብላ ባየች ጊዜ ነው።

ተጠርቼ ሄጄ ብመረምር ፕሮግራሙ ምንም ነውር አልተገኘበትም። ሥራው በየማለዳው የባንኩን የምንዛሪ ዝርዝር ከኢንተርኔት አምጥቶ የዋጋ ሰንጠረዡን ማደስ ሲሆን፣ ድርጅቱ ሰርቨሩን ወደ አዲስ ማሽን ባዛወረ ጊዜ በ`/opt` ሥር ያለው የፕሮግራሙ ማኅደር አንድም ፋይል ሳይጎድል ተገልብጧል። ነገር ግን ፕሮግራሙን በሰዓቱ የሚቀሰቅሰው የክሮን መስመር የሚኖረው በዚያ ማኅደር ሳይሆን በ`/var/spool/cron/crontabs` ውስጥ በመሆኑ፣ እርሱን ያስታወሰ አልነበረም፤ አሮጌውም ማሽን ከነመስመሩ ጠፋ። በፕሮግራሙ መጨረሻ ላይ «ካልተሳካ ለኃላፊው ኢሜይል ላክ» የሚል ትእዛዝ በጥንቃቄ ተጽፎ ነበር፤ ዳሩ ግን ያልተጠራ ፕሮግራም አይሠራም፣ የማይሠራም አይሳሳትም፣ ያልተሳሳተም ስሕተቱን አያስታውቅም። ሥራ አስኪያጁ በቅንነት «እኛማ፣ እንጅነር፣ መልእክት ካልመጣ ሰላም ነው ብለን ነበር የተቀመጥነው» አሉኝ።

ይህን ቃል በብዙ ቢሮ፣ ከብዙ ሰው፣ የሙያ ባልደረቦቼ ከምላቸው ጭምር፣ እስኪታክተኝ ድረስ ሰምቼዋለሁ። «ሌባ ሲመጣ እጮኻለሁ» ብሎ የተቀጠረ ዘበኛ፣ ሌባው አስቀድሞ እርሱን አፉን ሸብቦ ቢያስረው፣ ያቺ ሌሊት ከሌሊቶች ሁሉ ይልቅ ጸጥ ያለች ትሆናለች፤ ባለቤቱም ዘበኛው ነቅቶ ዝም ባለበትና ታስሮ ዝም ባለበት ሌሊት መካከል ያለውን ልዩነት ተኝቶ ሊያውቀው አይችልም። የመነኩሴ አርምሞ በፈቃድ የተያዘ ስለ ሆነ ትርጉም አለው፤ የማሽን አርምሞ ግን ደኅንነትንም ሞትንም በአንድ ፊት የሚያሳይ ስለ ሆነ ምስክር ሊሆን አይገባውም። የሚታመነው ጥበቃ ነገሩን የሚገለብጠው ነው፤ ይኸውም ሥራው በተሳካ ቍጥር ፕሮግራሙ «ተፈጽሟል» የሚል ምልክት ለሌላ ማሽን እንዲሰጥ፣ ያ ሌላው ማሽንም ምልክቱ በተወሰነለት ጊዜ ውስጥ ያልመጣ እንደ ሆነ ብቻ ባለቤቱን እንዲጠራ ማድረግ ነው። ባለሙያዎች ይህን የልብ ትርታ ይሉታል።

ይህን ስናገር ሁለት ዓይነት መልስ ዘወትር ይገጥመኛል። አንደኛው «እንግዲያው በየቀኑ ተሳክቷል የሚል ኢሜይል ይላክልን» የሚል ነው። ይህ ጠባቂነቱን ከማሽን አንሥቶ በሰው ላይ መጫን ነው፤ የሰው ዓይን ደግሞ የመጣውን ደብዳቤ ለማየት እንጂ የቀረውን ለመቍጠር የተፈጠረ አይደለም፤ ማለዳ ከሚመጡ አርባ መልእክቶች መካከል አንዱ ቢጎድል ሠላሳ ዘጠኙን ያነበበ ሰው ምንም አይጎድለውም። ሁለተኛው «እያንዳንዱ ሙከራ ሲከሽፍ ይነገረን» የሚል ነው። የባንኩ ገጽ ጠዋት በ3 ሰዓት ቢዘገይና ፕሮግራሙ በ4 ሰዓት ደግሞ ሞክሮ ቢያገኘው፣ የ3 ሰዓቱ ክሽፈት ለባለቤቱ ምን ያደርግለታል? አንዳች የሚሠራው ነገር የለም። እንዲህ ያለ ጥሪ ሦስት አራት ጊዜ በከንቱ ያስነሣው ሰው በአምስተኛው ጊዜ አይነሣም፤ በወሩም መልእክቶቹን ሳያይ የሚያስቀምጥበት ማኅደር ያበጅላቸዋል። ባለቤቱ ማወቅ የሚገባው ስንት ጊዜ እንደ ተሞከረ ሳይሆን በእጁ ያለው ምንዛሪ ትኩስ መሆን አለመሆኑን ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ሰው ሁሉ የሚቸኩልበት፣ እኔ ግን ብዙ ጊዜ የማጠፋበት ጥያቄ «ተሳካ» ማለት ምን ማለት ነው የሚለው ነው። `curl` የተባለው ትእዛዝ ከባንኩ በኩል «በአገልግሎት ላይ አይደለንም» የሚል የስሕተት ገጽ ቢመጣለት፣ `-f` የሚለው ምልክት ካልታከለለት በቀር፣ ያንኑ ገጽ አስቀምጦ ሥራውን በሚገባ እንደ ፈጸመ ሆኖ ይወጣል። ምልክቱን ከዚህ በኋላ የሰጠ እንደ ሆነ፣ የልብ ትርታው ሬሳ ውስጥ ይመታል። ስለዚህ ምልክቱ ከሁሉ በኋላ፣ የመጣው ዝርዝር ተመርምሮ በቦታው ከተተካ በኋላ፣ እንደ ማኅተም ሊታተም ይገባዋል።

```
set -euo pipefail
curl -fsS -o new.json "$RATES_URL"
./check_rates new.json
mv new.json rates.json
echo "rates_last_success_timestamp_seconds $(date +%s)" |
  curl -fsS --data-binary @- "$GATEWAY/metrics/job/rates"
```

የመጀመሪያው መስመር ከትእዛዞቹ አንዱ ቢከሽፍ ቀሪዎቹ እንዳይፈጸሙ ያደርጋል። `check_rates` ያልኩት ለዚሁ ሥራ የጻፍኩት አነስተኛ መርማሪ ሲሆን፣ የዶላሩና የዩሮው ዋጋ መኖሩን፣ ዜሮም አለመሆኑን፣ ከሁሉም በላይ በዝርዝሩ ላይ የተጻፈው ቀን የሚጠበቀው ቀን መሆኑን ያያል። እሑድ ባንኩ አዲስ ዝርዝር ስለማያወጣ፣ በዚያ ዕለት የቅዳሜውን ዝርዝር ማግኘት በቂ ስኬት ነው፤ ሰኞ በ3 ሰዓት የቅዳሜውን ማግኘት ግን ስኬት አይደለም። ይህን ልዩነት ለመርማሪው ያላስተማሩ ሰዎች የእሑዱን የሐሰት ጥሪ ለማስቀረት ሲሉ የጥበቃውን ጊዜ ወደ 50 ሰዓት ያሰፉታል፤ በዚህም ምክንያት ማክሰኞ የተቋረጠው ሥራ እስከ ረቡዕ ረፋድ ድረስ ሳይታወቅ ይቀራል።

የጥበቃውን ጊዜ ስንወስን የጠየቅነው ኮምፒውተሩን ሳይሆን የሽያጭ ክፍሉን ነበር። ፕሮግራሙ ጠዋት በ3 ሰዓት ይጀምራል፤ ካልተሳካለት በየሰዓቱ ይደግማል፤ ከተሳካለት ለነገ ያርፋል። የሽያጭ ሠራተኞቹ የዋጋ ማቅረቢያ በብዛት የሚጽፉት ከቀትር በኋላ በመሆኑ፣ እስከ ረፋዱ 5 ሰዓት ድረስ መታገሥ እንደሚቻል ነገሩን። ትናንት በ3 ሰዓት የተሳካ ሥራ ዛሬ በ5 ሰዓት 26 ሰዓት ይሞላዋል፤ ይህም በሴኮንድ ሲቈጠር 93600 ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ የ3ና የ4 ሰዓቱ ሙከራ ከሽፎ የ5 ሰዓቱም ካልደረሰ፣ ያን ጊዜ ነገሩ እውነተኛ ነውና ለቀትር ሳንደርስ የባለቤቱ ስልክ ይጮኻል።

```
time() - rates_last_success_timestamp_seconds > 93600
  or absent(rates_last_success_timestamp_seconds)
```

ይህ ፕሮሜቴየስ በተባለው ጠባቂ ላይ የሚጻፍ ደንብ ነው። ሁለተኛውን መስመር ብዙዎች ይተዉታል፤ የመጀመሪያው ጉዳያችንም ሕማም በዚያው ተመልሶ ይገባባቸዋል። ከናካቴው ምልክት መጥቶ የማያውቅ ወይም የጠፋ እንደ ሆነ፣ የመጀመሪያው መስመር የሚቀንሰው ቍጥር ስለማያገኝ ባዶ መልስ ይሰጣል፤ ባዶ መልስም ጥሪ አያስነሣም። ጠባቂው ራሱ «መልእክት ካልመጣ ሰላም ነው» ወደሚለው እምነት ተመለሰ ማለት ነው። `absent` የሚለው ቃል አለመኖርን ራሱን ክስ ያደርገዋል። ምልክቱን የሚቀበለው መዝገብ ደግሞ ከምንዛሪው ማሽን ተለይቶ በሌላ ማሽን ላይ ይቀመጣል፤ የመጨረሻውን ሰዓት ይዞ ስለሚቈይም ላኪው ማሽን ከነነፍሱ ቢጠፋ እንኳ ያ ሰዓት እያረጀ ሄዶ በጊዜው ይመሰክርበታል።

«ጠባቂውንስ ማን ይጠብቀዋል?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው፤ መልሱም ያው ነው። ፕሮሜቴየስን የሚያሰማሩ ብዙዎች ሁልጊዜ የሚጮኽ አንድ ደንብ ያኖራሉ፤ ስሙን `Watchdog` ይሉታል፤ ጩኸቱ ወደ ውጭ፣ በሌላ ኔትወርክ ወዳለ ተቀባይ ይሄዳል፤ ተቀባዩም ጩኸቱ ሲቋረጥ ይጠራል። ከዚህ በላይ ሦስተኛና አራተኛ ጠባቂ መደርደር አያስፈልግም፤ ሁለቱ በአንድ ጊዜ እንዳይጠፉ በአንድ ጣራና በአንድ የመብራት መስመር ሥር አለማኖር ይበቃል።

ጥሪው ስሙ ተለይቶ ለተጠቀሰ አንድ ሰው ይሂድ፤ ለክፍሉ ሁሉ የሚደርስ መልእክት ሁሉም ሌላው ያየዋል ብሎ የሚተወው ነው። በጥሪው ውስጥ የመጨረሻው ስኬት ቀንና ሰዓት ይጻፍ እንጂ ምክንያት አይጻፍ፤ ይህ ጥበቃ ምክንያትን አያውቅምና። የክሮኑ መስመር ጠፍቶ፣ ዲስኩ ሞልቶ፣ ወይም ባንኩ የገጹን አድራሻ ለውጦ ሊሆን ይችላል፤ እርሱ የሚያውቀው ትኩሱ ነገር አለመድረሱን ብቻ ሲሆን፣ ያ ድርጅት ዘጠኝ ቀን የጎደለውም ይኸው አንድ እውቀት ነበር።

ሥራውን ጨርሼ ከማስረከቤ በፊት አንድ ነገር አደረግሁ። ለባለቤቱ ሳልነግር፣ ሥራ አስኪያጁ ግን እያወቁ፣ በቅዱስ ሚካኤል ዕለት የክሮኑን መስመር አወጣሁና ወደ ቤቴ ሄድሁ። በማግሥቱ በ3 ሰዓት ምንም አልሆነም፤ በ4 ሰዓትም እንዲሁ። 5 ሰዓት ካለፈ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የሒሳብ ክፍሏ ሠራተኛ፣ ባለቤትነቱ አሁን የእርስዋ ሆኗልና፣ ደወለችልኝና «ከትናንት ጠዋት ወዲህ ምንዛሪው አልታደሰም ይላል፤ ምን ላድርግ?» አለችኝ። መስመሩን እንዴት እንደምትመልስ በስልክ ነገርኋት፤ የርክክቡንም ወረቀት የፈረምሁት ከዚያ በኋላ ነው።