ዘይነብ ለምን አንደኛ ወጣች?

ሮስተር የክፍሉ ተማሪዎች ውጤት፣ ድምር፣ አማካይና ደረጃ የሚሰፍርበት ሰፊ ሰንጠረዥ ነው። መካነ ሰላም ላይ የክፍል ኃላፊ ሆኜ ስጀምር ሰኔን በካልኩሌተርና በላጲስ ነበር የምገፋው፤ አሁን ኤክሴል አለ። ድምርና አማካይ ቀላል ስለሆኑ አልፋቸዋለሁ።

የእኔ ፍቅር ደረጃ ነው። አማካይ የልጁ የራሱ ነው፤ ደረጃ ግን የጎረቤቱም ጉዳይ ነው።

አምስት ልጆች ብቻ ያሉት ክፍል እናስብ፤ ስማቸው በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ተደርድሯል። አህመድ 91.2፣ በላይ 88.4፣ ከድር 94.0፣ ሰይድ 88.4፣ ዘይነብ 85.6 አምጥተዋል። መምህሩ ከአህመድ አማካይ አጠገብ ይህን ይጽፍና እስከ ዘይነብ ይጎትተዋል፦

```
=RANK(B2,B2:B6)
```

ውጤቱ 2፣ 2፣ 1፣ 1፣ 1 ይሆናል። ቀመሩ ወደ ታች ሲወርድ የሚያወዳድርበት ክልልም አብሮ ስለሚወርድ ዘይነብ የምትወዳደረው ከራሷ ጋር ብቻ ነው፤ ለዚህ ነው አንደኛ የወጣችው። እኔም አንዴ እንዲህ ያለ ሮስተር ይዤ ርዕሰ መምህሩ ፊት ቆሜአለሁ። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ከሥሩ ሌላ ቁጥር ከሌለ የመጨረሻው ረድፍ ምንጊዜም 1 ይሆናል። መድኃኒቱ የዶላር ምልክት ነው፤ ክልሉን ባለበት ይቸነክረዋል።

```
=RANK(B2,B$2:B$6)
```

አሁን 2፣ 3፣ 1፣ 3፣ 5 ይወጣል። በላይና ሰይድ እኩል ሦስተኛ ስለሆኑ አራተኛ የለም። «አራተኛው የት ሄደ?» ብላችሁ ዘይነብን በእጃችሁ 4 የምታደርጉ መምህራን፣ እባካችሁ ተዉ። ከእሷ የሚበልጡ አራት ልጆች አሉ፤ እሷ አምስተኛ ናት።

ከዚያ ሰይድ የፈተና ወረቀቱን ይዞ ይመጣል፤ የሒሳብ ውጤቱ 76 ሆኖ ሳለ 67 ተብሎ ገብቷል። የመምህሩ ማርክ ሊስትና የሮስተሩ ድምር ሲለያዩ ልዩነቱን ለ9 አካፍሉት፤ ያለ ቀሪ ከተካፈለ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት የተቀያየሩ ሁለት አሃዞችን ነው። እዚህ ልዩነቱ ራሱ 9 ነው። ትምህርቱ አሥር ከሆነ የሰይድ አማካይ በ0.9 ከፍ ብሎ 89.3 ይሆናል። ሰይድ ሦስተኛነቱን ለብቻው ይይዛል፤ በላይ ግን አንድ ነጥብ ሳይቀነስበት አራተኛ ይሆናል።

ብዙዎቻችን የሰይድን ካርድ ብቻ አርመን ፋይሉን እንዘጋለን። የበላይ አባት የያዙት ካርድ ግን አሁንም 3 ይላል።