ሪሲቨሩ ሌሊቱን ስንት ይቆጥራል?

በሪሞት የጠፋ ዕቃ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፤ ስታንድባይ ላይ ነው። ሪሞቱ እንደገና ሲጫን ምልክቱን የሚቀበል አንድ ክፍል ሁልጊዜ ነቅቶ መጠበቅ አለበት፤ ለዚህም ጥቂት ኤሌክትሪክ ይወስዳል። መጠኑ ግን ከዕቃ ዕቃ በጣም ይለያያል። የምንጠረጥረውና ኤሌክትሪክ የሚበላው ዕቃ ብዙ ጊዜ የተለያዩ ናቸው።

ለምሳሌ የስልክ ቻርጀር ሶኬት ላይ ቀረ ብሎ የሚቆጣ አባወራ በየቤቱ አለ። ስልክ ያልተሰካበት አዲስ ቻርጀር የሚወስደው 0.1 ዋት ገደማ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ቢሰካ 1 ኪሎዋት ሰዓት እንኳ አይሞላም። ቴሌቪዥኑም ቢሆን ያን ያህል አይከፋም። የአውሮፓ ኅብረት ከ2011 ወዲህ (በፈረንጆች) በስታንድባይ ከግማሽ ዋት በላይ የሚወስድ ቴሌቪዥን ገበያው ላይ እንዳይቀርብ ደንግጓል፤ ዛሬ የሚሸጡ ብዙ ቴሌቪዥኖችም እዚያው አካባቢ ናቸው።

ዋናው በላተኛ ከቴሌቪዥኑ ሥር የተቀመጠው የዲሽ ሪሲቨር ነው። ብዙዎቹ፣ በተለይ የቆዩትና ርካሾቹ፣ በሪሞት ሲጠፉ ምስሉን ብቻ ያቆማሉ። ውስጣቸው ያለው ፕሮሰሰር እንደነቃ ነው፤ አንዳንዶቹ ጣሪያ ላይ ላለው የዲሽ ራስም በኬብሉ ኤሌክትሪክ መላካቸውን አይተዉም። ስለዚህ ስታንድባይ ላይ ሆነው 10 ዋት ገደማ የሚወስዱ አሉ። ሌሊት በእጅ ሲነካ ለብ የሚል ሪሲቨር ይህን በራሱ ይናገራል።

10 ዋት ብዙ አይመስልም። አንድ ዋት ዓመቱን ሙሉ ሳይቋረጥ ሲሠራ ግን 8.76 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ቤተሰቡ በቀን 5 ሰዓት ቴሌቪዥን ያያል እንበል። ሪሲቨሩ በቀሪው 19 ሰዓት ማንም ሳያየው 190 ዋት ሰዓት ይበላል፤ በዓመት 69 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ቴሌቪዥኑ በዚያው ጊዜ 3.5፣ ሁለት ባዶ ቻርጀሮች 2 ገደማ ይጨምራሉ። 8 ዋት የሚወስድ የዋይፋይ ራውተር ደግሞ ከማታ 4 ሰዓት እስከ ጠዋት 12 ሰዓት ያለ ተጠቃሚ ከበራ በዓመት 23 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ሁሉም ሲደመር 98 ገደማ ይደርሳል፤ ከዚህ ውስጥ ሁለት ሦስተኛው የሪሲቨሩ ነው።

ብሩን ለማወቅ የወር ሂሳብን በተጠቀሙበት ኪሎዋት ሰዓት ማካፈል ይበቃል። ለስሌት እንዲመች አንዱን ኪሎዋት ሰዓት 5 ብር ብንይዘው የቤቱ ድምር በዓመት 490 ብር፣ የሪሲቨሩ ብቻ ወደ 350 ብር ይሆናል። ቤት የሚያፈርስ ገንዘብ አይደለም። ታሪፉ ግን በፍጆታ መጠን በእርከን እያደገ ስለሚሄድ፣ በወር የሚጨመረው 8 ኪሎዋት ሰዓት እርከን ጫፍ ላይ ያለን ቤተሰብ ወደ ውዱ ሊያሻግር ይችላል።

አንድ ነገር ልብ ይባል፦ ሌሊት 8 ሰዓት ብቻ ማጥፋት የሪሲቨሩን ብክነት በግማሽ እንኳ አይቀንስም። ቀሪው 11 ሰዓት ቀን ላይ፣ ሰው ሥራና ትምህርት ቤት ሲውል ነው።

የራስዎ ሪሲቨር ስንት እንደሚወስድ ቆጣሪው ይነግርዎታል። በዲጂታል ቆጣሪ ፊት ላይ ቦግ እልም የምትል ትንሽ ቀይ መብራት አለች፤ አጠገቧም 1600 imp/kWh ወይም ተመሳሳይ ጽሑፍ ይታያል። ይህ ማለት በ1 ኪሎዋት ሰዓት 1600 ጊዜ ብልጭ ትላለች ማለት ነው። ፍሪጁን ጨምሮ ሁሉንም ነቅለው አንድ አምፖል ብቻ ያብሩ፤ ከአንዱ ብልጭታ እስከ ቀጣዩ ያለውን ሰከንድ ይቁጠሩ። ከዚያ ሪሲቨሩን ሰክተው በስታንድባይ ይድገሙት። ዋቱ የሚወጣው እንዲህ ነው፤ ቆጣሪዎ ላይ ሌላ ቁጥር ካለ በ1600 ፈንታ እሱን ያስገቡ፦

3600000 ÷ (1600 × ሰከንድ)

አምፖሉ ብቻውን 225 ሰከንድ ከወሰደ 10 ዋት ነው፤ ሪሲቨሩ ሲጨመር 112 ከሆነ 20። ልዩነቱ የሪሲቨሩ ድርሻ ነው። አምፖሉ የሚያስፈልገው ቆጣሪ እጅግ ትንሽ ፍጆታን ብቻውን ሲያገኝ ላይቆጥረው ስለሚችል ነው። ቻርጀርን በዚህ መንገድ ለመለካት መሞከር ግን ድካም ብቻ ነው፤ ልዩነቱ አይታይም።

መፍትሔው ማብሪያ ማጥፊያ ያለው ማከፋፈያ ነው። ቴሌቪዥኑና ሪሲቨሩ አንድ ላይ ይሰኩበታል፤ ማከፋፈያው ከጠፋ መብራት ሄዶ ሲመጣ ከሚፈጠረው የኃይል መዋዠቅም ይተርፋሉ። ሪሲቨሩ ሲበራ አንድ ደቂቃ ያህል ሊያስጠብቅ ይችላል። ሌሊት ፕሮግራም እንዲቀዳ የታዘዘ ከሆነ ደግሞ መጥፋት የለበትም። ራውተሩን ግን ለብቻው ይሰኩት፤ አሜሪካ ያለ ዘመድ በዋይፋይ የሚደውለው ብዙ ጊዜ እዚህ ሌሊት ሲሆን ነው።