አንድ መታጠቢያ ቤት ሲጨመር ስንት ቀን ይሄዳል?

ባለ አንድ ፎቅ መኖሪያ ቤት እየተሠራ ነው እንበል። ለአንደኛ ፎቁ ሶሌታ ፎርምወርኩ ቆሟል፣ ብረቱ እየታሰረ ነው፣ የኮንክሪት ሙሌቱም ለኅዳር 20 ቀን ተይዟል። ኅዳር 11 ቀን ባለቤቱ ሳይት መጥተው ወደ መኝታ ክፍሉ ጥግ እያመለከቱ «እዚህች ጋ ሻወር ብታደርጉልኝስ?» ይላሉ። ፎርማኑም «ችግር የለም ጋሼ፣ እናደርገዋለን» ይላቸዋል። ከወራት በኋላ ስለ ክፍያና ስለ መዘግየት የሚነሳው ጭቅጭቅ በአብዛኛው የሚጀምረው ከእንዲህ ያለ የቃል ስምምነት ነው።

የለውጥ ጥያቄ መዝገብ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ጥያቄው ቁጥር ይሰጠዋል፤ ማን እንደጠየቀና መቼ እንደጠየቀ ይጻፋል። ከዚያ ሥራው በወሰኑ ይገለጻል፦ ሻወር፣ መጸዳጃና እጅ መታጠቢያ ይጨመራል፤ የውኃ ማሞቂያ በዚህ ውስጥ የለም። ይህ የመጨረሻው ሐረግ ካልተጻፈ ማሞቂያውም የተካተተ መስሎ ይታያል፤ ብዙ ሰው የሚዘለውም ይህንኑ ነው።

ቀጥሎ ዋጋው ይሰላል። ለምሳሌ ያህል የአዲሱ ክፍል ቁሳቁስና የእጅ ዋጋ 240,000 ብር ይሁን። ያ ጥግ ከእንግዲህ የመኝታ ክፍል ወለል ስለማይነጠፍበት 15,000 ብር ይቀነሳል። የቆመውን ፎርምወርክ ዝቅ አድርጎ እንደገና መሥራት 12,000 ብር ይፈጃል። የሚጨመረው አንድ ቀን ደግሞ በኪራይ ድጋፎች፣ በጥበቃና በፎርማን ደመወዝ 8,000 ብር ያስወጣል። ድምሩ 245,000 ብር ነው። ከመጀመሪያው ግምት ብዙም አልራቀም፤ ግን የሚቀነሰውም የሚጨመረውም በግልጽ ስለተጻፈ ባለቤቱ መስመር በመስመር ሊጠይቁ ይችላሉ።

አንድ ቀን ያልነው ከየት መጣ? እዚህ ላይ ረጋ ብሎ ማየት ይገባል። የመታጠቢያ ቤት ወለል ለፍሳሹ ተዳፋት ከሌላው ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ ሥዕሉን ማስተካከልና መሐንዲሱ ብረቱን እንደገና እንዲያይ ማድረግ ከኅዳር 12 እስከ 14 ይወስዳል። አናጺዎቹ ጥጉን በ15 እና በ16 ያወርዳሉ፣ ብረቱ በ17 እና በ18 ይታሰራል፣ የቧንቧ ማለፊያዎቹ በ19 እና በ20 ይገባሉ። ሲደመር ዘጠኝ ቀን ነው። ሆኖም የቀረው ሶሌታ ብረት በታቀደለት ቀን፣ በ17፣ ስለሚያልቅና ቧንቧውና የኤሌክትሪክ መስመሩ እዚያ በኩል ስለሚቀጥል፣ ሙሌቱ የሚገፋው ወደ ኅዳር 21 ብቻ ነው። በመዝገቡ ላይ «9 ቀን ሥራ፣ 1 ቀን መዘግየት» ተብሎ ሁለቱም መጻፍ አለበት። አንዱን ብቻ የጻፈ መዝገብ ወይ ባለቤቱን ያለ ምክንያት ያስደነግጣል፣ ወይም ተቋራጩ የሠራውን ሥራ ይደብቃል።

ሙሌቱ በአንድ ቀን ሲገፋ ለ20 የተያዘው ሚክሰር ቀኑ ይቀየራል፤ ከላይ የሚቆሙት ኮለኖችም አብረው ይገፋሉ። ይህን ማንም አይስተውም። የሚረሳው ሩቅ ያለው ሥራ ነው። መታጠቢያ ቤቱ ውኃ መከላከያ ከተቀባ በኋላ ውኃ ተሞልቶ ከ24 እስከ 48 ሰዓት መፈተሽ አለበት፤ እስኪፈተሽ ድረስ ከሥሩ ያለው ክፍል ጣሪያ መለሰን የለበትም። ፍተሻው ጥር 22 ቀን የሚያልቅ ከሆነና ያ ክፍል በ18 ሊለሰን ታቅዶ ከነበረ፣ አራት ቀን መቆም ማለት ነው። ለሳኞቹ ግን ከሌላ ክፍል ቢጀምሩ ምንም ቀን አይባክንም። «ልስኑ ከሳሎን ይጀመራል» የሚለው ቅድመ ሁኔታ በመዝገቡ ላይ ካልሰፈረ፣ ጥር ላይ የሚያስታውሰው አይኖርም።

ይኸው ጥያቄ ኅዳር 25 ቀን፣ ኮንክሪቱ ከተሞላ በኋላ ቢመጣ ኖሮ ሌላ ሥራ ይሆን ነበር። ሶሌታው ዝቅ ሊል አይችልም፤ መሐንዲሱ በፈቀደው ቦታ ብቻ ተበስቶ፣ ወለሉ ከፍ ብሎ ደረጃ ይሠራለታል። ለዚህም ነው መዝገቡ «ውሳኔው እስከ መቼ ይጠበቃል?» የሚል ቦታ የሚያስፈልገው። በእኛ ምሳሌ መልሱ ኅዳር 14 ነው፤ አናጺዎቹ በማግሥቱ ሥራ ይጀምራሉና።

በትልልቅ ውሎች የጊዜው ነገር ይጠብቃል። በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው የፊዲክ ቀይ መጽሐፍ ተቋራጩ ተጨማሪ ጊዜ ወይም ክፍያ የሚጠይቅበትን ጉዳይ ባወቀ በ28 ቀናት ውስጥ እንዲያስታውቅ ያስገድዳል። ሳያስታውቅ ከቀረ መብቱን ያጣል።

ውድቅ የሆነ ጥያቄም ከነምክንያቱ መዝገቡ ላይ ይቆያል፤ ከሁለት ወር በኋላ ተመልሶ ሲመጣ ስሌቱ ከባዶ አይጀመርም። የጸደቀው ደግሞ በፊርማ ብቻ አያበቃም። የጊዜ ሰሌዳው ይታረማል፣ አሮጌው ሥዕል ከሳይት ይሰበሰባል፣ ቧንቧ ሠራተኛውና ለሳኙ አዲሱን ቀን ይነገራቸዋል። መዝገቡ እየተሠራበት መሆኑን ለማወቅ የሳይት ቢሮው ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ሰሌዳ ማየት ይበቃል፤ ሙሌቱ አሁንም ኅዳር 20 የሚል ከሆነ ለውጡ ወረቀት ላይ ቀርቷል።