«እኔ ጋ ይሠራል» እንዳይባል፦ ለፕሮግራመር የሚጠቅም የስሕተት ሪፖርት አጻጻፍ

(ኮምቦልቻ ላይ ለሕዝብ ከቀረበ ንግግር ተገልብጦ የተዘጋጀ)



በዛሬው ንግግሬ የማነሣው ጉዳይ አንድ ነው። የምንጠቀምበት የስልክ ወይም የኮምፒውተር ፕሮግራም ሲሳሳት፣ ስሕተቱን ለሠራው ሰው እንዴት አድርገን ብንጽፍለት ሊያርመው ይችላል? ፕሮግራመሮች እንዲህ ያለውን ስሕተት «ባግ» ይሉታል፤ ስለ እርሱ የሚጻፈውን ደግሞ «የባግ ሪፖርት»። ነገሩን በአንድ ምሳሌ ከመነሻው እስከ መድረሻው እንከተለዋለን። ምሳሌው ለማስተማሪያ የተዘጋጀ ነው፤ በውስጡ ያለው የቀን ስሌት ግን በእርግጥም ብዙዎችን የሚያሳስት ነው።

ደሴ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ አለች እንበል። የሕፃናትን ክትባት በስልክ ላይ ባለ ፕሮግራም ትመዘግባለች። የልደት ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ታስገባለች፤ ፕሮግራሙም ሕፃኑ ስድስት ሳምንት፣ ማለትም 42 ቀን፣ ሲሞላው ያለውን የቀጠሮ ቀን ያሳያታል። ፕሮግራሙን የሠራው ወጣት የሚኖረው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ወርዶ ኮምቦልቻ ነው። ጊዜው ታኅሣሥ 2016 ነው። ነርሷ እንዲህ ስትል ጻፈችለት፦

«ፕሮግራሙ ቀን ያበላሻል። እናቶች እየተጉላሉ ነው። እባክህ ቶሎ አስተካክል።»

ወጣቱ ፕሮግራሙን ከፈተ፤ ሲሠራው ይሞክርበት የነበረውን የ2015 የልደት ቀን አስገባ፤ ቀጠሮው ትክክል ሆኖ አገኘው። «እኔ ጋ ይሠራል» ብሎ መለሰ። ሁለቱም እውነት ተናግረዋል፤ ሆኖም በማግስቱም አንዲት እናት ክትባት በማይሰጥበት በእሑድ ቀን እንድትመጣ ተቀጠረች።

ይህን ክፍተት የፈጠረው የነርሷ ቸልተኝነት ወይም የወጣቱ ስንፍና አይደለም። ፕሮግራመሩ ያላየውን ስሕተት ሊያርም አይችልም። ስለዚህ የመጀመሪያ ሥራው ስሕተቱ በገዛ እጁ፣ በፊቱ፣ እንደገና እንዲከሠት ማድረግ ነው። በ2008 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የአፓቼ፣ የኢክሊፕስና የሞዚላ ፕሮግራመሮች በተጠየቁበት አንድ ጥናት፣ ከሁሉ ይልቅ ይጠቅመናል ካሉት ነገር ዋነኛው ስሕተቱን ደግሞ ለማምጣት የሚያስችሉ ቅደም ተከተሎች ነበሩ፤ ሥራቸውን ያደናቅፋል ካሉት አንዱም እነዚሁ ቅደም ተከተሎች ተዛብተው መቅረባቸው ነው።

እንግዲህ ነርሷ መልእክቷን እንደገና ትጻፈው። ከመጻፏ በፊት ግን ጥቂት ሙከራዎች ማድረግ አለባት፤ የሪፖርቱ ዋጋ በአብዛኛው የሚመነጨው ከእነዚህ ነው።

የመጀመሪያው ሙከራ የእውነተኛ ሕፃን መዝገብ ሳይነኩ፣ «ሙከራ» በሚል ስም አዲስ መዝገብ ከፍቶ ስሕተቱን መድገም ነው። ይህም የታካሚን ስም ለሌላ ሰው ከመላክ ያድናል። ሁለተኛው፣ አንድ ነገር ብቻ እየለወጡ መሞከር ነው። ቀኑንና ወሩን ሳትለውጥ ዓመቱን ብቻ ትለውጥ፦ ታኅሣሥ 1 ቀን 2014፣ ታኅሣሥ 1 ቀን 2015፣ ታኅሣሥ 1 ቀን 2016። ቀጥላም ዓመቱን 2016 ላይ ትተዋው፤ ወሩን ወደ ኅዳር ትለውጠው። በአንድ ጊዜ ዓመቱንም ወሩንም ብትለውጥ ግን ውጤቱን የለወጠው የትኛው እንደ ሆነ መለየት ያዳግታል። ሦስተኛው፣ የባልደረባዋን ስልክ ተውሳ ያንኑ መድገም ነው። በሌላ ስልክም ላይ ስሕተቱ ከታየ፣ ጥርጣሬው ከአንዱ ስልክ ላይ ይነሣል።

ከሙከራው በኋላ የተጻፈው ሪፖርት ይህን ይመስላል፦

ርእስ፦ የልደት ዓመቱ 2016 ሲሆን የስድስት ሳምንት ቀጠሮ በአንድ ቀን ይቀድማል።

ቅደም ተከተል፦
1. ፕሮግራሙን ከፍቶ «አዲስ ሕፃን» የሚለውን መንካት።
2. በስም ቦታ «ሙከራ» ብሎ መጻፍ።
3. በልደት ቀን ቦታ ታኅሣሥ 1 ቀን 2016 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) መምረጥ።
4. «መዝግብ» የሚለውን ነክቶ የሚመጣውን የቀጠሮ ገጽ ማየት።

የሚጠበቀው ውጤት፦ ሰኞ፣ ጥር 13 ቀን 2016። (ከታኅሣሥ 1 እስከ ጥር 1 ድረስ 30 ቀን፤ 12 ሲጨመር 42። የግድግዳ ካላንደርም ሰኞ ይላል።)

የታየው ውጤት፦ እሑድ፣ ጥር 12 ቀን 2016።

ሌሎች ሙከራዎች፦ ታኅሣሥ 1 ቀን 2014 እና 2015 ትክክል ናቸው፤ ሁለቱም ጥር 13 ይሰጣሉ። ኅዳር 1 ቀን 2016 ግን ታኅሣሥ 13 መስጠት ሲገባው 12 ይሰጣል። እያንዳንዱ ሦስት ጊዜ ተሞክሮ ውጤቱ አልተለወጠም።

መሣሪያና ቨርዥን፦ የፕሮግራሙ ቨርዥን 2.3.1፤ አንድሮይድ 11። አንድሮይድ 13 ባለው ሌላ ስልክም ውጤቱ ያው ነው። የስልኩ የሰዓት ክልል `GMT+03:00`፤ ኢንተርኔት አልነበረም።

የተሞከረበት ጊዜ፦ ታኅሣሥ 10 ቀን 2016፣ ከጠዋቱ 3፡20 (በስልኩ ሰዓት 09:20)።

አሁን እያንዳንዱ ክፍል ለምን እንዳስፈለገ እንመልከት። ርእሱ «ቀን ያበላሻል» አይልም፤ መቼና በምን ያህል እንደሚሳሳት ይናገራል። ቅደም ተከተሉ ፕሮግራሙን አይቶት የማያውቅ ሰው እንኳ ሊከተለው ይችላል። በእያንዳንዱ ተራ ቁጥር አንድ ድርጊት ብቻ አለ፤ የሚነካውም ቁልፍ ስክሪኑ ላይ በተጻፈው ስም ተጠርቷል።

የሚጠበቀው ውጤት ከነምክንያቱ መጻፉ ከሁሉ በላይ ልብ ሊባል ይገባዋል። ነርሷ «ትክክለኛውን ቀን ማሳየት ነበረበት» ብትል ኖሮ፣ ወጣቱ ትክክለኛው ቀን የትኛው እንደ ሆነ ራሱ ማስላት ይኖርበት ነበር፤ ሲያሰላም የሚጠቀመው ያንኑ የተሳሳተ ስሌት ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ጊዜም የሚጠበቀውን ስንጽፍ፣ የተሳሳትነው እኛ ፕሮግራሙም ትክክል መሆኑ ይገለጣል፤ ያ ሲሆን ሪፖርቱን ከመላካችን በፊት እንደርስበታለን። የታየው ውጤት ደግሞ ስክሪኑ ላይ የተነበበው እንጂ ግምት አይደለም። «ስልኩ ቫይረስ ገብቶበታል» ብሎ መገመት ፕሮግራመሩን በተሳሳተ መንገድ ይመራዋል። ግምት መጻፍ ክልክል አይደለም፤ ነገር ግን ከታየው ተለይቶ «እንደሚመስለኝ» ተብሎ ለብቻው ይቀመጥ።

ቨርዥኑ የሚያስፈልገው ስሕተቱ በአዲሱ ቨርዥን ታርሞ ሊሆን ስለሚችል ነው። አንድሮይድ ስልክ ላይ የስልኩ ቨርዥን አብዛኛውን ጊዜ `Settings` ውስጥ `About phone` ከሚለው ሥር `Android version` ተብሎ ይገኛል፤ የፕሮግራሙ ቨርዥን ደግሞ ምልክቱን ተጭኖ በመቆየት `App info` በሚለው ገጽ ይታያል። «የቅርቡ ነው» የሚል መልስ አይጠቅምም፤ ዛሬ የቅርብ የሆነው ነገ አሮጌ ነውና።

ጊዜውን በተመለከተ የእኛ አገር ሪፖርት አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ይፈልጋል። «3፡20» ስንል ፀሐይ ከወጣች በኋላ ያለውን እንቆጥራለን፤ ስልኩና ፕሮግራሙ ግን በውስጣቸው የሚመዘግቡት 09:20 ብለው ሊሆን ይችላል። ቀንም እንዲሁ ነው፤ የትኛው አቆጣጠር እንደ ሆነ ካልተጻፈ ፕሮግራመሩ መዝገቡን በተሳሳተ ቦታ ሲፈልግ ይውላል።

ይህ ሪፖርት ኮምቦልቻ ሲደርስ ወጣቱ ታኅሣሥ 1 ቀን 2016ን አስገባና ስሕተቱን በዓይኑ አየው። «2014 እና 2015 ትክክል፣ 2016 ስሕተት» የሚለው መስመርም ወዴት መመልከት እንዳለበት ነገረው። የልደት ቀኑን ወደ አውሮፓ አቆጣጠር የሚመልሰው መስመር ይህ ነበር፦

```
date(y + 7, 9, 11) + timedelta(days=30*(m-1) + (d-1))
```

መስመሩ አዲስ ዓመት ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 ላይ ይውላል ብሎ ያምናል። በአራት ዓመት አንዴ ግን፣ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ፣ ጳጉሜን ስድስት ቀን ትሆናለች፤ ተከታዩ የዘመነ ዮሐንስ መስከረም 1 ቀንም ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል። 2015 ዘመነ ሉቃስ፣ 2016 ዘመነ ዮሐንስ ነበር። ስለዚህ ስሌቱ ጳጉሜን 6 ቀን 2015ንም መስከረም 1 ቀን 2016ንም ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ያደርጋቸዋል፤ ሁለት የተለያዩ ቀኖች አንድ ይሆናሉ። ከዚያም በኋላ 2016 እስኪያልቅ ድረስ እያንዳንዱ ቀን በአንድ ወደ ኋላ ይቀራል። ቀጠሮው ተመልሶ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲታይ በትክክለኛ ስሌት ስለሚመለስ፣ ጉድለቱ ጥር 12 ሆኖ ወጣ። እርማቱ አጭር ነው፤ ዓመቱ ለአራት ያለ ቀሪ ሲካፈል በ11 ፈንታ 12 መጠቀም ነው። ይህ ደንብ ለዘመናችን ቀኖች ይበቃል።

ከንግግሩ በኋላ ከተሳታፊዎች አንዱ፣ «ስሕተቱ አንዳንዴ ብቻ የሚመጣ፣ ስንደግመውም የሚጠፋ ቢሆንስ?» ሲሉ ጠይቀዋል። የተሰጠው መልስ የሚከተለው ነው፦

ያንኑ እንዳለ ጻፉት። «ከአምስት ሙከራ ሁለት ጊዜ ታየ» የሚል ቃል ራሱ ማስረጃ ነው። ስሕተቱ የታየበትን ሰዓት እስከ ደቂቃው መዝግቡ፤ ከዚያ በፊት ምን ትሠሩ እንደ ነበር፣ ኔትወርኩ ተቋርጦ እንደ ነበር፣ የስልኩ ማኅደረ ትውስታ ሞልቶ እንደ ነበር ጨምሩ። የስሕተት መልእክት ከመጣ ቃል በቃል ገልብጡት፤ ስክሪንሾትም አያይዙ፤ የታካሚ ስም ካለበት ግን አስቀድማችሁ ሸፍኑት። አንድ ሪፖርት አንድ ስሕተት ብቻ ይያዝ፤ ሦስት ከሆኑ ሦስት ሪፖርት ይጻፍ። አለዚያ አንዱ ሲታረም ሪፖርቱ ይዘጋና ሁለቱ ይረሳሉ።

በመጨረሻም፣ «ታርሟል» የሚል መልስ ሲመጣ ሥራው አላለቀም። ነርሷ አዲሱን ቨርዥን ጭና እነዚያኑ አራት ቅደም ተከተሎች ትድገማቸው፤ ጥር 13 ካሳየ ቨርዥኑን ጠቅሳ ትመልስ። በ2014 እና በ2015 ቀኖችም ትሞክረው፤ አንዱን ሲያርሙ ሌላውን ማበላሸት የተለመደ ነውና። ወጣቱም በበኩሉ መስከረም 1 ቀን 2020ን ይሞክር። ቀጣዩ ዘመነ ዮሐንስ የሚገባው በዚያ ቀን ነው፤ ቀኑም እሑድ ነው። ፕሮግራሙ ቅዳሜ ካለ፣ ስሕተቱ አሁንም እዚያው አለ ማለት ነው።