ሌሊት ለሚደርስ ጿሚ ቤተሰብ የሚሆን ኢሜይል

በዐቢይ ጾም ከባለቤቷና ከሁለት ልጆቿ ጋር ከዱባይ ወደ አዲስ አበባ የምትመጣ እናት ለእንግዳ ማረፊያ ስትጽፍ፣ ትልቁ ጣጣ ሰዓቱ ነው። ትኬቷ ማርች 12፣ 02:00 ይላል እንበል። «በ2 ሰዓት እንደርሳለን» ካለች ሹፌሩ ቦሌ የሚገኘው ጠዋት 2 ሰዓት ነው፤ ቤተሰቡ ስድስት ሰዓት ቀድሞ ወርዷል። ቀኑም ያምታታል፤ ማርች 12 መጋቢት 3 ቢሆንም ብዙዎቻችን ያንን ውድቅት የመጋቢት 2 ሌሊት እንለዋለን። እንዲህ ብትጽፍ ይሻላል፦

«ጤና ይስጥልኝ። መጋቢት 2 ለ3 አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት (ማርች 12፣ 02:00) ቦሌ እናርፋለን። አራት ሰዎች ነን፤ ስድስት ሻንጣ አለን። መኪና ትልኩልናላችሁ? ዋጋውስ? የቤተሰብ ክፍሉ ስንት አልጋ አለው? እኔና ባለቤቴ እስከ 9 ሰዓት አንቀምስም፤ ቁርሳችን በጾም ምሳ ይቀየርልናል? ልጆቹ ወተትና እንቁላል ይበላሉ።»

የበረራ ቁጥሩን ማከል አይዘንጋ፤ አውሮፕላኑ ቢዘገይ ሹፌሩ የሚከታተለው በእሱ ነው። ክፍሉም ከመጋቢት 2 ጀምሮ መያዝ አለበት። ከመጋቢት 3 ከተያዘ ብዙ ማረፊያዎች የሚያስገቡት ከቀትር በኋላ ስለሆነ፣ ልጆቹ ሶፋ ላይ ያነጋሉ።

የምግቡን ጥያቄ ብዙ ሰው ይዘለዋል። የአልጋው ዋጋ ቁርስን የሚጨምር ከሆነ፣ አስቀድሞ ያልተነጋገረ ጿሚ ላልበላው ይከፍላል። ወጥ ቤቱም የልጆቹን እንቁላል በሌላ መጥበሻ እንዲሠራ ቢነገረው መልካም ነው። ዓሣ ላይ ጿሚው ሁሉ ስለማይስማማ፣ እሱንም በግልጽ መጻፍ ነው።