የዲ-ዳይመር ምርመራ፦ ውጤቱ ምን ይናገራል? ምንስ አይናገርም?

አንድ እግሩ ያለ ግልጽ ምክንያት ያበጠበት ሰው ወደ ጤና ተቋም ሲቀርብ፣ ሐኪሙ አስቀድሞ መመለስ ያለበት አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም በእግሩ ጥልቅ ደም መላሽ ሥር ውስጥ ደም ረግቶ ይሆን ወይ የሚለው ነው። የረጋው ደም ተቆርሶ ወደ ሳንባ ከተጓዘ የታካሚውን ሕይወት ለአደጋ ያጋልጣል። ይሁን እንጂ እግር የሚያብጠው በብዙ ሌሎች ምክንያቶችም ስለሆነ፣ ምልክቱ የታየበትን ሰው ሁሉ ወደ አልትራሳውንድ ወይም ወደ ሲቲ ስካን መላክ የታካሚውን ገንዘብና ጊዜ ያባክናል፤ በእርግጥ ለሚያስፈልጋቸው ታካሚዎችም ወረፋውን ያራዝማል።

የዲ-ዳይመር ምርመራ የሚታዘዘው እነዚህን ሁለት ወገኖች ለመለየት ነው። የምርመራው ዋና አገልግሎት የረጋ ደም መኖሩን ማረጋገጥ ሳይሆን፣ አለመኖሩን በአስተማማኝ ሁኔታ ማሳየት ነው። በርካታ ተገልጋዮች በውጤት ወረቀታቸው ላይ ከፍ ያለ ቁጥር አይተው የሚደናገጡት፣ አንዳንዶችም ዝቅ ያለውን ቁጥር ብቻ ይዘው ከሕክምና የሚርቁት ይህ ልዩነት ግልጽ ስለማይሆንላቸው ነው።

ዲ-ዳይመር ከየት ይመጣል?

በደማችን ውስጥ ፋይብሪኖጅን የሚባል ፕሮቲን ሟሙቶ ይገኛል። የደም ሥር ሲጎዳ ወይም ደም መርጋት ሲጀምር ይህ ፕሮቲን ወደ ፋይብሪን ክሮች ይለወጣል። ክሮቹም እርስ በርስ ተያይዘው ጠንካራ መረብ ይሠራሉ፤ የረጋው ደም ሳይበተን የሚቆየው በዚህ መረብ ነው። ሰውነታችን የረጋ ደም እንደረጋ እንዲቆይ ስለማይፈልግ፣ ፕላዝሚን የተባለው ኢንዛይም መረቡን ወዲያውኑ መቆራረጥ ይጀምራል።

ፕላዝሚን መረቡን ሲቆራርጥ ክሮቹ የተያያዙበትን ቦታ ግን አይፈታውም። በመሆኑም “ዲ” የሚባሉ ሁለት የፕሮቲኑ ክፍሎች እንደተጣመሩ ወደ ደም ይገባሉ። ዲ-ዳይመር ማለት ይህ ጥንድ ቁራጭ ነው። ያልረጋ ፋይብሪኖጅን ቢቆራረጥ የሚገኘው ያልተጣመረ “ዲ” ብቻ ነው። ስለዚህ ዲ-ዳይመር በደም ውስጥ ከፍ ብሎ ሲገኝ በሰውነት ውስጥ በሆነ ቦታ መረብ ተሠርቶ እየተበጣጠሰ መሆኑን ያመለክታል። የት ቦታ እንደሆነና ለምን እንደሆነ ግን አይናገርም።

ላቦራቶሪው እንዴት ይለካዋል?

ለምርመራው ደም የሚቀዳው ሲትሬት የተባለ ፀረ-መርጋት ፈሳሽ ባለበት፣ ብዙውን ጊዜ ሰማያዊ ክዳን ባለው ቱቦ ነው። ቱቦው ምልክት እስከተደረገበት መስመር መሞላት አለበት፤ ምክንያቱም ዘጠኝ እጅ ደም ለአንድ እጅ ሲትሬት የሚለው ምጣኔ መጠበቅ ይኖርበታል። ቱቦው በጎደለ ቁጥር ደሙ በሲትሬቱ ይቀጥናል፤ ውጤቱም ከትክክለኛው ያነሰ ሊሆን ይችላል። በቱቦው ውስጥ ደም ረግቶ ከተገኘም ናሙናው ተጥሎ እንደገና ይቀዳል። ባለሙያው ናሙናው ዳግም እንዲሰጥ የሚጠይቀው አብዛኛውን ጊዜ በእነዚህ ምክንያቶች ነው።

ናሙናው በሴንትሪፊዩጅ ተሽከርክሮ ፕላዝማው ከደም ሴሎች ከተለየ በኋላ ወደ መለኪያ መሣሪያው ይገባል። በስፋት ከሚሠራባቸው ዘዴዎች አንዱ በላቴክስ ቅንጣቶች የታገዘ የድፍርስነት ልኬት ነው። የላቴክስ ቅንጣቶች በዓይን የማይታዩ እጅግ ጥቃቅን የፕላስቲክ እንክብሎች ናቸው። በእያንዳንዱ እንክብል ላይ ዲ-ዳይመርን ለይተው የሚይዙ ፀረ እንግዳ አካላት ተለጥፈዋል።

ፕላዝማው ከቅንጣቶቹ ጋር ሲቀላቀል በውስጡ ያለው ዲ-ዳይመር በአንድ ጫፉ አንዱን እንክብል፣ በሌላው ጫፉ ሌላውን ይይዛል። ጥንድ በመሆኑ እንደ ድልድይ ያገለግላል ማለት ነው። እንክብሎቹ በዚህ መንገድ እየተያያዙ ሲጓጎሉ ፈሳሹ ይበልጥ ይደፈርሳል። መሣሪያው በፈሳሹ ውስጥ ብርሃን ያሳልፋል፤ ፈሳሹ በደፈረሰ መጠን በሌላው ወገን የሚደርሰው ብርሃን ይቀንሳል። በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ የታየው የብርሃን ለውጥ አስቀድሞ መጠናቸው በታወቀ ናሙናዎች ከተዘጋጀ መለኪያ ጋር ተነጻጽሮ ወደ ቁጥር ይቀየራል።

ላቴክስ ያስፈለገበት ምክንያት ቀላል ነው። የሚፈለገው የዲ-ዳይመር መጠን በአንድ ሊትር ፕላዝማ ውስጥ ከግማሽ ሚሊግራም ገደማ ጀምሮ ስለሆነ፣ ፀረ እንግዳ አካላቱ ብቻቸውን ቢያዙት የሚፈጠረው ድፍርስነት እምብዛም አይለካም። እንክብሎቹ ይህን ትንሽ ለውጥ አጉልተው ያሳያሉ። በካርድ ላይ ተደርጎ በባለሙያ ዓይን ብቻ የሚነበበው የቀድሞው የላቴክስ ምርመራ አነስተኛ መጠንን ሊያልፍ ስለሚችል፣ የረጋ ደም የለም ለማለት በቂ አይደለም።

ቁጥሩ የሚነበበው ከታካሚው ሁኔታ ጋር ነው

ሐኪሙ ምርመራውን ከማዘዙ በፊት የዌልስ ነጥብ በመባል የሚታወቀውን መመዘኛ በመጠቀም የመርጋት ዕድሉን ይገምታል። በዚህ መመዘኛ መሠረት በሕክምና ላይ ያለ ካንሰር፣ ባለፉት 12 ሳምንታት የተደረገ ትልቅ ቀዶ ሕክምና፣ ከዚህ በፊት የነበረ የደም መርጋት፣ በጥልቅ ደም ሥሮች መስመር ላይ የሚሰማ ሕመም፣ ከሌላው እግር ከ3 ሴንቲ ሜትር በላይ የበለጠ የባት እብጠትና የመሳሰሉት እያንዳንዳቸው አንድ ነጥብ ያስገኛሉ። ለምልክቱ ቢያንስ እኩል አሳማኝ የሆነ ሌላ ምክንያት ካለ ሁለት ነጥብ ይቀነሳል። ድምሩ 1 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ የመርጋት ዕድሉ አነስተኛ፣ 2 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ከፍተኛ ተብሎ ይወሰዳል።

ለምሳሌ አንድ የ64 ዓመት አባት የቀኝ ባታቸውን አሟቸው ቀረቡ እንበል። ሐኪሙ ሲለካ የቀኝ ባታቸው ከግራው የሚበልጠው በ2 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ነጥብ አያስገኝም። በጥልቅ ደም ሥሩ መስመር ላይ ሲነካ ግን ሕመም ስለሚሰማቸው 1 ነጥብ ይያዝላቸዋል። ሌላ የሚያጋልጥ ሁኔታ የለባቸውም። ድምሩ 1 በመሆኑ ዲ-ዳይመር ታዘዘላቸው፤ ውጤቱም 580 ng/mL FEU ሆነ።

የተለመደው ወሰን 500 ng/mL FEU ነው፤ በዚህ ከሄድን ውጤቱ ከፍ ያለ ነው። ነገር ግን ዲ-ዳይመር ከዕድሜ ጋር እየጨመረ ስለሚሄድ፣ ከ50 ዓመት በላይ ለሆኑ ሰዎች ዕድሜን በ10 አባዝቶ ወሰን ማውጣት ተቀባይነት ያለው አሠራር ነው። ለእኒህ አባት ወሰኑ 640 ይሆናል፤ 580ም ከዚያ በታች ነው። የመርጋት ዕድሉ አነስተኛ፣ ውጤቱም ከወሰን በታች በመሆኑ ሐኪሙ አልትራሳውንድ ሳያዝዝ የሕመሙን ሌላ ምክንያት ይፈልጋል።

እኒሁ አባት ከስድስት ሳምንት በፊት የዳሌ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ቢሆን ኖሮ ድምሩ 2 ይሆን ነበር። በዚያን ጊዜ ያው 580 ብቻውን አያሰናብታቸውም፤ አልትራሳውንድ መነሣት ይኖርባቸዋል። የተለወጠው የላቦራቶሪው ቁጥር ሳይሆን የታካሚው ሁኔታ ነው። ማንም ሰው ያለ ሐኪም ግምገማ በራሱ ፍላጎት ዲ-ዳይመር አስመርምሮ ውጤቱን ሊተረጉም የማይችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ከቁጥሩ ጎን የተጻፈውን አሃድ ይመልከቱ

ላቦራቶሪዎች ውጤቱን በሁለት ዓይነት አሃድ ይገልጻሉ፤ እነርሱም FEU እና DDU ናቸው። FEU የተባለው ቁጥር ከDDU በግምት እጥፍ ነው። በመሆኑም 580 ng/mL FEU እና 290 ng/mL DDU ተቀራራቢ መጠን ናቸው፤ 500 የተባለው ወሰንም በDDU ሲገለጽ 250 ገደማ ይሆናል። አንድ ታካሚ 400 ng/mL DDU የሚል ውጤት ይዞ በ500 ወሰን ቢመዝነው ጤናማ ይመስለዋል፤ መጠኑ ግን በFEU 800 ገደማ በመሆኑ ከወሰን በላይ ነው። ዕድሜን በ10 የማባዛቱ ስሌትም የሚሠራው ለFEU ብቻ ነው። በተጨማሪም 0.58 mg/L እና 580 ng/mL አንድ መሆናቸውን ልብ ይሏል። የተለያዩ አምራቾች መሣሪያዎች የሚሰጡት ቁጥር ስለሚለያይ፣ በሁለት ላቦራቶሪዎች የተገኙ ውጤቶችን በቀጥታ ማወዳደር አይገባም።

ውጤቱ የሚያሳስትባቸው ሁኔታዎች

እርግዝና፣ ኢንፌክሽን፣ ካንሰር፣ በቅርብ የደረሰ ጉዳት ወይም ቀዶ ሕክምና የረጋ ደም ሳይኖርም ዲ-ዳይመርን ከፍ ያደርጋሉ። ስለዚህ ከፍ ያለ ውጤት የሚያስከትለው ተጨማሪ ምርመራን እንጂ ሕክምናን አይደለም።

በአንጻሩ የረጋ ደም እያለ ውጤቱ ዝቅ ሊል ይችላል። ታካሚው አስቀድሞ የደም ማቅጠኛ መድኃኒት ከወሰደ፣ ሕመሙ ከጀመረ ሳምንታት ካለፉ ወይም የረጋው ደም በጣም ትንሽ ከሆነ ይህ ሊያጋጥም ይችላል። በልኬቱ በኩል ደግሞ ምግብ ከተበላ በኋላ ወይም በሕመም ምክንያት ፕላዝማው በስብ ከነጣ፣ ብርሃኑን የሚጋርደው ዲ-ዳይመሩ ብቻ አይሆንም። ዲ-ዳይመሩ ከልክ በላይ ሲበዛም እያንዳንዱ እንክብል በየራሱ ዲ-ዳይመር ተሸፍኖ ድልድዩ ሳይሠራ ይቀራል፤ ፈሳሹም ከሚጠበቀው በታች ይደፈርሳል። ዘመናዊ መሣሪያዎች ይህን ሲጠረጥሩ ናሙናውን አቅጥነው ደግመው ይለካሉ።

ተገልጋዮች ሊያሳውቁትና ሊጠይቁት የሚገባ

ደም ከመስጠትዎ በፊት የደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ፣ ነፍሰ ጡር ከሆኑ፣ በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ተደርጎልዎት ወይም በሕመም ምክንያት ለቀናት ተኝተው ከነበረ፣ እንዲሁም ሕመሙ የጀመረበትን ቀን ለሐኪምዎ ይንገሩ። ውጤቱን ሲቀበሉም አሃዱና የላቦራቶሪው ወሰን መጻፋቸውን ያረጋግጡ፤ ካልተጻፉ እንዲጻፉልዎ ይጠይቁ።

ውጤቱ ከወሰን በታች ሆኖ ሐኪምዎ ቢያሰናብትዎትም እብጠቱ ከጨመረ ወይም ወደ ጭን ከተስፋፋ ተመልሰው ይታዩ። ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር፣ በሚተነፍሱበት ጊዜ የሚብስ የደረት ውጋት፣ ደም የቀላቀለ ሳል ወይም ራስን መሳት ካጋጠመዎ የማንኛውንም ምርመራ ውጤት ሳይጠብቁ በቅርብ ወደሚገኝ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።